የገንዘብ ፖሊሲ የድርሰት ጥያቄን መልስ እንዴት እናዋቅር? ለክፍል ጓደኛዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ሄኖክ፣ 4ኛ ዓመት

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት የገንዘብ ኢኮኖሚክስ ኮርስን አብራኝ ለምትወስደው ለማህሌት ነው። ኮርሱን ወደ መጨረሻው ዓመት አሸጋግሬው ስለነበር ዘንድሮ ከእሷ ባች ጋር ተቀምጫለሁ። ሌሎችም ተመሳሳይ ነገር ስለጠየቁኝ በፈቃዷ እዚህ አስቀምጬዋለሁ፤ የምትቃወሙት ካለ ጻፉ።

ውድ ማህሌት፣

የላክሽልኝን የሙከራ መልስ አነበብኩት። የመረጥሽው ጥያቄ «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በወለድ ተመን ላይ ወደተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ማዕቀፍ መሸጋገሩ የዋጋ ንረትን ለመቀነስ ምን ያህል ያስችለዋል? ገምግሙ» የሚለው ነው፤ ነጥቡ 25፣ ጊዜው 45 ደቂቃ። አራት ገጽ ጽፈሻል፤ ሁለቱ ገጾች የገንዘብ ፖሊሲን ትርጉም፣ ዓላማዎቹንና የማዕከላዊ ባንክን መሣሪያዎች ይዘረዝራሉ። እዚያ ውስጥ ስህተት አላገኘሁም። ነገር ግን ጥያቄው «ምን ያህል» ብሎ የጠየቀውን መንካት የጀመርሽው በሦስተኛው ገጽ ማብቂያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰዓቱ ስላለቀብሽ ዋናው ክርክር በአምስት መስመር ተዘግቷል። አራሚው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አንብቦ የሚሰጥሽ ነጥብ ከአምስት ወይም ከስድስት እንደማይበልጥ ገምቺ።

ስለዚህ አወቃቀሩን ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ሳይሆን ከአንድ ሰንሰለት ጀምሪ። ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ሲያንቀሳቅስ ለውጡ ገበያ ላይ እስከሚሸጠው ዘይትና ጤፍ ድረስ በየትኞቹ እጆች በኩል ያልፋል? መጀመሪያ የሚነካው ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበትን ዋጋ ነው። ቀጥሎ ባንኮቹ ለደንበኞቻቸው የሚከፍሉትንና የሚያስከፍሉትን ወለድ፣ ከዚያ የብድርን መጠንና የሰዎችን የወጪ ውሳኔ፣ በመጨረሻም ዋጋን። መልስሽ ይህን ሰንሰለት በአንድ አንቀጽ ካሳየ በኋላ የቀረው ቦታ ሁሉ የትኛው ቀለበት ጠንካራ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ ለመመርመር ይዋል። «ገምግሙ» የሚለው ትእዛዝ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «አብራሩ» ቢል ኖሮ ሰንሰለቱን በዝርዝር ማስረዳት ብቻውን ይበቃሽ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀለበት በኛ አገር ሁኔታ እንዲህ መጻፍ ይቻላል። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንኩ የሚቆጣጠረው የገንዘብን መጠን ነበር፤ በአዲሱ ማዕቀፍ የፖሊሲ ተመኑን 15 በመቶ ላይ አስቀምጦ ከላይና ከታች የሦስት የሦስት በመቶ ነጥብ ወሰን አበጀ። ትርፍ ገንዘብ ያለው ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ አስቀምጦ 12 በመቶ ያገኛል፤ የጎደለው ደግሞ በ18 በመቶ ይበደራል። 12 በመቶ ያለስጋት የሚያገኝ ባንክ ለሌላው ባንክ ከዚያ ባነሰ ዋጋ አያበድርም፤ በ18 መበደር የሚችልም ለሌላ ባንክ ከዚያ በላይ አይከፍልም። የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ ዋጋ በሁለቱ መካከል ተይዞ ይቀራል ማለት ነው። ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ «ወሰን አለ» ከማለት አልፈሽ ወሰኑ ለምን እንደሚሠራ አሳይተሻል። የእርስ በርስ ገበያው በተደራጀ መልክ የተጀመረው በጥቅምት 2017 ስለሆነ ገና ጠባብ መሆኑንም በአንድ ሐረግ አክዪበት።

አሁን ወደ ደካማው ቀለበት እንምጣ፤ ከመልስሽ ትልቁን ቦታ እንዲይዝ የምፈልገው ይህ ነው። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ጣለ። በታኅሣሥ 2017 የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው ተመኑን 15 በመቶ ላይ አቆይቶ ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ስለዚህ ወለድ መር የተባለው ማዕቀፍ ሲጀመር የመጠን ገደቡ አብሮት ነበር። ይህ በሰንሰለቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምናባዊ ባንክ አሳዪ።

ባንኩ ለደንበኞቹ አበድሮ ገና ያልተመለሰለት 10 ቢሊዮን ብር አለው እንበል። በ14 በመቶ ጣሪያ በዓመቱ ሊጨምር የሚችለው 1.4 ቢሊዮን ነው። በ15 በመቶ ወለድ ደንበኞቹ 2.5 ቢሊዮን ይፈልጋሉ። ወለዱ ወደ 18 በመቶ ሲያድግ የሚፈልጉት ወደ 2 ቢሊዮን ይወርዳል። ባንኩ ግን በሁለቱም ጊዜ የሚሰጠው 1.4 ቢሊዮን ብቻ ነው። ወለዱ ጨመረ፣ ፍላጎቱ ቀነሰ፣ የተሰጠው ብድር ግን አንዲት ብር አልተነቃነቀም፤ ያጠረው ሰልፉ ነው። ተመኑ በብድሩ መጠን ላይ ኃይል የሚያገኘው ፍላጎቱን ከ1.4 ቢሊዮን በታች ሲያወርደው ወይም ጣሪያው ሲነሳ ነው። ከዚህ የሚወጣው ግምገማ ግልጽ ነው፤ ጣሪያው በሚይዝበት ጊዜ የዋጋ ንረት ቢቀንስ ምስጋናውን ለወለድ ተመኑ ብቻ መስጠት አይቻልም። ይህን የሚጽፍ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱን ውሳኔዎች በሁለት የተለያዩ የማስታወሻ ገጾች ላይ አጥንተናቸዋል።

ሁለተኛው መመርመሪያ የወለዱ እውነተኛ ዋጋ ነው። ማዕቀፉ ሲጀመር የሰኔ 2016 ዓመታዊ የዋጋ ንረት 19.9 በመቶ ነበር። በ15 በመቶ የተበደረ ሰው የሚመልሰው ገንዘብ የመግዛት አቅም ከወሰደው ያነሰ ነው። «ተመኑ ከፍተኛ ነው» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ከምን አንጻር ከፍተኛ እንደሆነ ተናገሪ።

ስለ ምግብ አንድ አጭር አንቀጽ ይበቃል። በሸማቾች ዋጋ መለኪያችን የምግብ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው፤ የምግብ ዋጋ ደግሞ በዝናብ፣ በመንገድ መዘጋትና በማዳበሪያ ዋጋ ይወሰናል። ወለድ ዝናብ አያዘንብም። ብዙዎች እዚህ ላይ ገጽ ሙሉ ያለቅሳሉ፤ አንቺ ግን በአንድ አንቀጽ አልፈሽ ሂጂ።

መደምደሚያሽ «የገንዘብ ፖሊሲ ጥቅምም ጉዳትም አለው» የሚል እንዳይሆን እለምንሻለሁ። ፍርድ ስጪ፣ ፍርዱንም ከሁኔታ ጋር እሰሪው። ለምሳሌ፦ «ተመኑ የዋጋ ንረትን በራሱ ኃይል ሊገታ የሚችለው የብድር ጣሪያው ከላላና መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደው ቀጥታ ብድር ተገድቦ ከቆየ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የመጠን ገደቡ ነው» ብትዪ አራሚው ባይስማማ እንኳ ነጥብ ሊነፍግሽ አይችልም።

ሰዓቱን በተመለከተ ስድስት ደቂቃ ያህል ለዕቅድ ስጪ፤ በመልስ ወረቀቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰንሰለቱን በቀስት ሳዪና ልትመረምሪያቸው የመረጥሻቸውን ሁለት ቀለበቶች አክብቢ። ሁሉንም ቀለበት ለመመርመር አትሞክሪ። ግማሹን ጊዜ ለእነዚያ ለሁለቱ፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ደቂቃዎች ለፍርዱ አስቀሪ።

ሄኖክ

---

ማህሌት

ሄኖክ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። መምህራችን በክፍል ውስጥ «ትርጉም ሳታስቀምጡ ወደ ትንተና አትግቡ» ብለዋል። ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ከተውኩት ነጥብ አይቀነስብኝም? ደግሞ ሥዕሉን በተመለከተ ምንም አላልክም። እኔ የሳልኩት የገንዘብ አቅርቦት መስመር ቀጥ ብሎ የቆመበትን፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወለድ የሚጨምርበትን ነው። እሱ ይያዝልኛል?

---

መምህርት አልማዝ

ለብዙ ዓመታት የዚህን ኮርስ ወረቀት ያረምኩ ስለሆንኩ ልግባበት።

ማህሌት፣ መምህርሽ ያሉትና ሄኖክ ያለው አይጋጩም። ትርጉሙ የሚፈለገው ጥያቄው ውስጥ ላሉት ቃላት ነው። ጥያቄሽ ውስጥ ያለው «በወለድ ተመን ላይ የተመሠረተ ማዕቀፍ» የሚለው ነው፤ እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪ፣ ከቀድሞው በምን እንደሚለይም በዚያው አሳዪ። የገንዘብ ፖሊሲን ዓላማዎች ከአንድ እስከ ስድስት መዘርዘር ግን ማንም አልጠየቀሽም። አራሚ አንድ ክምር ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ የመጀመሪያው አንቀጽ በሁሉም ወረቀት ላይ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል፤ ዓይኑ ዘሎት ያልፋል።

ስለ ሥዕሉ ያነሳሽው ጥሩ ነጥብ ነው፤ ሄኖክ ሊነካው ይገባ ነበር። አንቺ የሳልሽው ሥዕል ባንኩ የገንዘቡን መጠን ወስኖ ዋጋውን፣ ማለትም ወለዱን፣ ለገበያ የሚተውበት ነው፤ ይኸውም የቀድሞው ማዕቀፍ። ጥያቄው ስለ አዲሱ ሆኖ ሳለ ይህን ሥዕል ብቻ መሳል ከጽሑፍሽ ጋር ይጣላል። ለአዲሱ ሦስት አግድም መስመሮችን አስምሪ፤ 12፣ 15 እና 18። የባንኮች የመጠባበቂያ ፍላጎት መስመር ወደ ቀኝ ሲሸሽ ባንኩ ገንዘብ ለቆ ዋጋውን ወደ 15 ይመልሰዋል፤ ወደ ግራ ሲሸሽ ደግሞ በጨረታ ይሰበስባል። ዋጋው ሲቆም መጠኑ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ «የተለወጠው ይህ ነው» ብትዪ ትርጉሙንም በዚያው ሰጠሽ። ዘንጉን መሰየም አትርሺ፤ ስም የሌለው ዘንግ ያለበት ሥዕል እኔ ዘንድ ዜሮ ነው።

ሄኖክ ስለ እውነተኛው ወለድ የጻፈውን ግን አጥብቄ ማስተካከል እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችሁ 15 ሲቀነስ 19.9 ብላችሁ አሉታዊ 4.9 ትጽፋላችሁ። በዝቅተኛ ንረት ጊዜ መቀነሱ ብዙ አያሳስትም። ንረቱ ወደ ሃያ ሲጠጋ ግን ማካፈል ይሻላል፤ 1.15 ለ1.199 ተካፍሎ አንድ ሲቀነስ አሉታዊ 4.1 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከዚህም የሚበልጠው ነገር ተበዳሪው የሚያየው ያለፈውን ዓመት ንረት ሳይሆን የሚመጣውን መሆኑ ነው። ነጋዴው የሚቀጥለው ዓመት ንረት 12 በመቶ ይሆናል ብሎ ካመነ ያው 15 በመቶ ለእሱ አዎንታዊ ነው። 25 ይሆናል ብሎ ከፈራ ደግሞ ተበድሮ ዕቃ መጋዘን ውስጥ መከመር ያዋጣዋል። ስለዚህ «እውነተኛው ወለድ አሉታዊ ስለሆነ ፖሊሲው ልል ነው» የሚለው ፍርድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል።

---

ናትናኤል

ሄኖክ የጻፈው ጥሩ ቢሆንም ትልቁን መንገድ ዘሎታል፤ የምንዛሪ ተመንን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ተንሳፋፊ ተመን ባለበት አገር ወለድ ሲጨምር የውጭ ካፒታል ይገባል፤ ካፒታል ሲገባ ብር ይጠነክራል፤ ብር ሲጠነክር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይረክሳል፤ ንረቱ ይቀንሳል። በማክሮ ሁለት የተማርነው ይህንኑ አይደለም? እኔ ብሆን ከሁለቱ ቀለበቶች አንዱን እሱን አደርገው ነበር። ነጥብ የሚያስገኘው ሁለቱ ማሻሻያዎች በአንድ ወር ውስጥ የመጡበትን ምክንያት ማገናኘት ነው።

---

መምህርት አልማዝ

ናትናኤል፣ ግማሹን ይዘሃል። ሁለቱን ማሻሻያዎች ማገናኘትህ ትክክል ነው። የምንዛሪ ተመኑን በአስተዳደር ወስኖ የያዘ ባንክ ወለድን በነጻነት መጠቀም ይቸግረዋል፤ ስለዚህ መንሳፈፉ ለወለድ መር ማዕቀፍ መንገድ ከፍቷል ብሎ መጻፍ ያስኬዳል። ሰንሰለትህ የሚበጠሰው «ካፒታል ይገባል» ያልክበት ቦታ ነው። የተማርከው ሞዴል ገንዘብ ድንበር ተሻግሮ እንደልቡ ሲንቀሳቀስ ለሚሠራ አገር የተጻፈ ነው። እኛ ዘንድ የካፒታል እንቅስቃሴው በአብዛኛው ገና የተገደበ ነው፤ ለንደን የተቀመጠ ኢንቨስተር ወለዱ ሦስት ነጥብ ስለጨመረ በማግስቱ የግምጃ ቤት ሰነድ ሊገዛ አዲስ አበባ አይመጣም።

ይህ ማለት የምንዛሪው መንገድ የለም ማለት አይደለም። በሌላ በር ይገባል፤ ብድር ሲጠብብ አስመጪው ለዕቃ የሚጠይቀው ዶላር ይቀንሳል፣ ብር ይዞ መቆየት ያን ያህል የማያከስር ከሆነ ደግሞ ዶላር ለመያዝ የሚደረገው ሽሚያ ይበርዳል። ወረቀትህ ላይ «የተለመደው የካፒታል ፍሰት መንገድ እዚህ ደካማ ነው፣ ምክንያቱም…» ብለህ ከዚያ ወደ አስመጪው ብትዞር ከእኔ ሙሉ ነጥብ ታገኛለህ። ሞዴሉን እንዳለ ብትገለብጠው ግን ግማሽ።

---

ቤዛ

ይቅርታ፣ ልረብሽ። የመውጫ ፈተናው ምርጫ አይደለም እንዴ? እኛ ዘንድሮ የምንፈተነው በኮምፒውተር ነው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ይህ ሁሉ አወቃቀር ለምን ያስፈልጋል? ይልቅ ጥያቄ የሚመጣባቸውን ርዕሶች ብትነግሩን።

---

ሄኖክ፣ 4ኛ ዓመት

ቤዛ፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ኮርሱ የመጨረሻ ፈተና ነው፤ እሱ የድርሰት ክፍል አለው። የመውጫ ፈተናው ልክ ነሽ ምርጫ ነው። ሆኖም ሰንሰለቱን ያወቀ ሰው «ብሔራዊ ባንክ የመጠባበቂያ ተቀማጭ ግዴታን ቢያሳድግ ከሚከተሉት የትኛው ይሆናል» የሚለውን ምርጫም አይስትም። የርዕሶቹን ነገር በሌላ ክር ብታነሺው የሚመልስልሽ ታገኛለሽ።

መምህርት አልማዝ፣ ስለ ማካፈሉና ስለሚጠበቀው ንረት ያሉትን ተቀብያለሁ፤ ደብዳቤው ላይ እጨምረዋለሁ።

---

ታደሰ፣ የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቀን ባንክ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ሄኖክ በምናባዊ ባንክ ያሳየውን እኔ በጠረጴዛዬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ እንደዚያ አይደለም።

ጣሪያው ከተጣለ በኋላ ወደኔ የሚመጣው ደንበኛ «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «መቼ ይለቀቅልኛል?» ብሎ ነው። ፋይሉ ተሟልቶ፣ ዋስትናው ተገምቶ፣ ኮሚቴ አጽድቆት ለወራት የተቀመጠ ብድር አለ። የድሮ ደንበኛ ሲከፍል በተከፈተው ቦታ ቀጣዩ ይገባል። ስለዚህ ሄኖክ ሰልፍ ያለው ትክክል ነው፤ ወለዱ ሦስት ነጥብ ቢጨምር ከሰልፉ የሚወጣው ጥቂት ነው።

የማይስማማኝ ግን የብድሩ መጠን ካልተነቃነቀ ምንም አልሆነም የሚመስለው አነጋገር ነው። መጠኑ ባይለወጥም ማን እንደሚያገኝ ይለወጣል። ቦታ ሲጠብብ ባንኩ ትልቁንና ዋስትናው የማያጠራጥረውን ደንበኛ ያስቀድማል። አነስተኛ አምራችና ገበሬ ማኅበር ወደ ኋላ ይገፋል። አምራቹ ካጣ ምርት ይቀንሳል፤ ምርት ሲቀንስ ዋጋ አይጨምርም ወይ? ይህንን በፈተና ብጽፈው ከርዕስ ወጣህ እባላለሁ?

ሌላው፣ የተቀማጭ ወለዱ ነገር። በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የተቀማጭ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተራው የቁጠባ ደንበኛዬ ዛሬም በአብዛኛው እዚያው 7 አካባቢ ነው የሚያየው። የፖሊሲ ተመኑ 15 መሆኑን የሰማ ቆጣቢ የለም። ሰንሰለቱ ቆጣቢው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት አይቻልም?

---

ማህሌት

ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ያሉት የቆጣቢው ነገር በሄኖክ ሰንሰለት ውስጥ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ይገባል አይደል? «ባንኮቹ ለደንበኞቻቸው የሚከፍሉት» የሚለው ላይ። እኔ ከብድር ጣሪያው ቀጥሎ ልመረምር የምመርጠው እሱን ነው። ከእውነተኛው ወለድ ጋርም ይገናኛል፤ ንረቱ 19.9 ሆኖ 7 በመቶ የሚያገኝ ሰው ገንዘቡን ባንክ ከማቆየት ይልቅ ቆርቆሮ ወይም ስኳር ቢገዛበት ይሻለዋል። ይህ ደግሞ ፍላጎትን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

---

መምህርት አልማዝ

ማህሌት፣ ይህ ከጻፍሽው ሁሉ የተሻለው አንቀጽ ነው፤ በዚሁ ቃል ወረቀትሽ ላይ አስፍሪው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ትልልቅ ተቀማጮች በጊዜ ገደብ ሲያስቀምጡ ከ7 በላይ ተደራድረው ያገኛሉ፤ ስለዚህ «ተራ የቁጠባ ሒሳብ» ብለሽ ለዪው።

አቶ ታደሰ፣ የርስዎ ጥያቄ ከርዕስ አይወጣም፤ ግን የሚቀመጥበት ቦታ ይወስነዋል። የብድር ክፍፍልን በተመለከተ ያሉትን ሰንሰለቱ መሐል ላይ ካስገቡት አራሚው «ይህ ስለ ጣሪያው ነው ወይስ ስለ ወለድ ተመኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ፍርድዎ ውስጥ ቢያስገቡት ግን፣ ማለትም ጣሪያው ንረትን የሚገታው በምርት ላይ ዋጋ አስከፍሎ ስለሆነ በጊዜ ሂደት ወለዱ ቦታውን መውሰድ አለበት ብለው ቢከራከሩ፣ ከጥያቄው ጋር ይገጥማል። የቢሮ ልምድዎን ግን «በምሠራበት ባንክ አይቻለሁ» ብለው አይጻፉት። አራሚው ሊያረጋግጠው አይችልም። ሠንጠረዥ ወይም የታወቀ ውሳኔ ይጥቀሱ፣ ልምድዎ ደግሞ አመክንዮውን ይምራው።

---

ናትናኤል

መምህርት፣ ስለ ካፒታሉ ተቀብያለሁ። አስመጪው ላይ ግን ልቆይ። ብዙ ሰው ብር ሲንሳፈፍ ዋጋ ሁሉ እጥፍ ይሆናል ብሎ ነበር፤ አልሆነም። በኦፊሴል ከ58 ብር ያነሰ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ አጠቃላይ ንረቱ ግን በዚያ ልክ አልዘለለም። ይህ የወለድ ፖሊሲው ውጤት ነው ብዬ ብጽፍ ምን ይጎድለዋል?

---

ሄኖክ፣ 4ኛ ዓመት

ሌላ ማብራሪያ መኖሩን አለመጥቀስህ ይጎድለዋል። ከመንሳፈፉ በፊት ብዙ ነጋዴ ዕቃውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ዶላር ነበር፤ ያ ደግሞ የኦፊሴሉ እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ልብስና የመኪና መለዋወጫ ገበያ ላይ የነበረው ዋጋ አስቀድሞ ከ100 በላይ በሆነ ዶላር የተሰላ ከሆነ ኦፊሴሉ ወደዚያው ሲጠጋ ዋጋው የሚዘልበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ንረቱ አለመዝለሉ የወለዱ ሥራ ይሁን፣ የብድር ጣሪያው ይሁን፣ ወይስ ዋጋው ቀድሞ መናሩ ይሁን መለየት አለብህ።

---

ታደሰ፣ የማታ ተማሪ

ሄኖክ፣ ለመለዋወጫው እስማማለሁ፤ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ግን አይሠራም። እነዚህ ይገቡ የነበረው በአብዛኛው በኦፊሴሉ ተመን ነው። እነሱ ላይ ጭማሪው ሙሉ ነው፤ የዘገየው መንግሥት በድጎማ ስለተሸከመው ነው እንጂ። የነዳጁ ሲነሳ የጭነት ዋጋ ይነሳል፣ የጭነቱ ሲነሳ የእህሉ። «ዋጋው ቀድሞ ተቆጥሯል» የሚለው ክርክር እኔን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደኝ።

---

መምህርት አልማዝ

እዚህ ላይ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም፤ የሙያ ባልደረቦቼም በዚህ ጉዳይ ይለያያሉ። ሁለታችሁም የጠቀሳችኋቸው የዕቃ ዓይነቶች የተለያዩ ስለሆኑ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ሚዛኑ የትኛው ወገን እንደሚያደላ ግን የዕቃዎቹን ድርሻ ሳይዙ መናገር አይቻልም። ናትናኤል፣ ለፈተናው ሦስቱንም ማብራሪያዎች ጠቅሰህ አንዱን መርጠህ ለምን እንደመረጥከው በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትጽፍ በቂ ነው። የተለየ አስተያየት ያለው አራሚ ቢገጥምህም ሦስቱን ማወቅህን ያያል።

---

ማህሌት

መግቢያዬን እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦

«ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ብሔራዊ ባንክ የገንዘብን መጠን ወስኖ ዋጋውን ይተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋውን 15 በመቶ ላይ አስቀምጦ መጠኑን በዙሪያው ያስተካክላል። ይህ ለውጥ የዋጋ ንረትን የሚቀንሰው የባንኮች የእርስ በርስ ወለድ፣ የደንበኞች ወለድና የብድር መጠን ተከታትለው ሲንቀሳቀሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው ቀለበት የሚሠራ መሆኑን፣ ሁለተኛው ቆጣቢው ዘንድ ሲደርስ የሚላላ መሆኑን፣ ሦስተኛው ደግሞ በብድር ዕድገት ጣሪያው ምክንያት የታሰረ መሆኑን እከራከራለሁ።»

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ሥዕሎች፣ ቀጥሎ የ10 ቢሊዮኑን ምሳሌ አስገባለሁ። ጣሪያው አሁን ስንት በመቶ እንደሆነ ከፈተናው በፊት አረጋግጣለሁ። ምግብን በአንድ አንቀጽ።

---

መምህርት አልማዝ

«በዚህ ጽሑፍ» የሚለውን አውጪውና ክርክርሽን በቀጥታ ጀምሪ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «የታሰረ» ያልሽውን «ጣሪያው እስከያዘ ድረስ የታሰረ» አድርጊው፤ ያለዚያ የመጨረሻው አንቀጽሽ ላይ የምታስቀምጪው ሁኔታ ከመግቢያሽ ጋር ይጋጫል። የቀረው ይሂድ።

---

ናትናኤል

እኔ ግን አሁንም የምንዛሪውን መንገድ ነው የምመርጠው፤ የአስመጪውን በር ይዤ። የምናባዊ አስመጪ ምሳሌ በቁጥር ሠርቼ ማታ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ጋሽ ታደሰ የነዳጁን ነገር ያዩልኝ።